የነጣ ቀሚስ፣ የጠቆረ ሱፍ

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ አለ። «የቀሚሷ ጥለት የታለ? ያን ያህል ከፍለን ያሠራነው እኮ ነው!» ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሚስ እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ጥለቱም የሸማው ድርም የለም። አጠገቧ የቆመው ሙሽራ ደግሞ ጥቁር ሱፉ አንድ ወጥ ጥላ ሆኗል፤ ኮሌታው የት አልቆ ኪሱ የት እንደሚጀምር አይለይም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «በኮምፒውተር አይስተካከልም?»

መልሱ ካሜራው በዚያ ሰዓት ብርሃኑን እንዴት አድርጎ እንደጻፈው ይወሰናል። አንዳንዱ ቀረጻ ላይ ጥለቱ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ሥራ ይወጣል። ሌላው ላይ ግን ጥለቱ ፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አልገባም፤ ያልገባን ነገር ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያወጣውም። ሁለቱን ለመለየት ያንኑ ትዕይንት በሁለት ዓይነት አቀራረጽ እናስኪደው።

ትዕይንቱ ቀላል ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙሽሮቹ በረንዳ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውና የሙሽራው ሱፍ ጥላ ውስጥ ነው፤ የነጩ ቀሚስ ታችኛው ክፍል ግን ፀሐይ ላይ ወድቋል። ካሜራ የያዘ ሰው ብርሃንን የሚለካው በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ አንድ ስቶፕ መቀነስ ደግሞ ግማሽ ማድረግ ነው። መነሻው የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው። ቀራጩ ፊቶቹ እንዲያምሩ ብሎ ካሜራውን ለጥላው ካስተካከለ፣ ጥላ ውስጥ የተያዘ ግራጫ ካርድ ልክ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ከካርዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን 90 በመቶ ያህል ስለሚመልስ ጥላ ውስጥም ቢሆን ከግራጫው 2.3 ስቶፕ ይበልጣል። ፀሐይ ከጥላው ሦስት ስቶፕ ያህል ትደምቃለች እንበል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ያለው ቀሚስ ከግራጫው 5.3 ስቶፕ በላይ ነው ማለት ነው። የሱፉ እጥፋቶች ደግሞ ከግራጫው አራትና አምስት ስቶፕ ዝቅ ይላሉ። ከላይ እስከ ታች ሲደመር አሥር ስቶፕ ያህል ይሆናል። የሰው ዓይን ይህን ያለ ችግር ያያል፤ ፈተናው የካሜራው ነው።

በመጀመሪያ ተራውን ቀረጻ እንውሰድ። ተራ ስንል ካሜራው ቪዲዮውን ወዲያው ለቴሌቪዥን እንዲመች አድርጎ፣ ባለ 8 ቢት ፋይል ውስጥ የሚጽፍበት ነው። የሚከተለው ደንብ ሬክ 709 ይባላል፤ የተጻፈውም ለቴሌቪዥን ስክሪን እንጂ ለኋላ እርማት አይደለም። በደንቡ ቀመር ከሄድን ከመካከለኛው ግራጫ በላይ ያለው ቦታ ሁለት ስቶፕ ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ነጭ። ካሜራ ሠሪዎች የመስመሩን አናት ጎንበስ በማድረግ ተጨማሪ አንድ ስቶፕ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያስገባሉ። የኛ ቀሚስ ግን 5.3 ላይ ነው። ጎንበስ ማለቱም አያደርሰውም።

ሎግ የሚባለው አቀራረጽ የተለየ ውል ነው። ካሜራው ለዓይን ማማሩን ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ስቶፕ ተቀራራቢ ቦታ እየሰጠ ይጽፋል። ለዚህም ነው ሎግ ቪዲዮ ሳይነካ ሲታይ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው፤ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም ግራጫ፣ ቀለሙ የደከመ። የሶኒን ኤስ-ሎግ 3 ለምሳሌ ብንወስድ መካከለኛው ግራጫ 41 በመቶ ላይ ይቀመጣል፣ 90 በመቶ የሚያንጸባርቀው ነጭ 61 በመቶ ላይ ነው፣ የካሜራው ሴንሰር ሞልቶ የሚፈሰው ደግሞ 94 በመቶ አካባቢ ነው። በስቶፕ ሲሰላ ከግራጫው በላይ ስድስት ያህል ቦታ አለ። ፀሐይ ላይ ያለው ቀሚሳችን 88 በመቶ አካባቢ ያርፋል። ጠባብ ነው፤ ግን ገብቷል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ሎግ ሴንሰሩን አያሰፋም። ያው ሴንሰር ነው፣ የሚችለውም የብርሃን ስፋት ያው ነው። የተቀየረው ግራጫው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ ከላይ ለደማቁ ክፍት ቦታ ተተወ። ኤ7 III የተባለው የሶኒ ካሜራ በሎግ ሲቀርጽ ከአይኤስኦ 800 በታች አልወርድም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በተራው አቀራረጽ በ100 ይሠራ የነበረ ሰው ሎግ ሲከፍት ሌንሱን ማጥበብ ወይም ኤንዲ ፊልተር መግጠም ግድ ይለዋል፤ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ሦስት ስቶፕ ያንሳልና። ለቀሚሱ የተገኘው ቦታ የተገዛው ከሱፉ ላይ ተቆርጦ ነው። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በተራው ቀረጻ ቀሚሱን ለማዳን የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ዌቭፎርም የሚባለውን መለኪያ ነው። የምስሉን ብርሃን ከታች ወደ ላይ በከፍታ ያሳያል። ቀሚሱ ያለበት ቦታ ላይ ብርሃኑ አናት ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ዜናው መጥፎ ነው፤ ሁሉም ነጥብ አንድ ቁጥር ላይ ተደርድሯል ማለት ነው። ያን መስመር ወደ ታች ቢጎትቱት ያው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወርዳል። ነጭ ወረቀት የነበረው ግራጫ ወረቀት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ያስጠላል።

ግን ተስፋ ከመቁረጥ በፊት አንድ ነገር መሞከር ይገባል። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ከ0 እስከ 255 ባሉ 256 ደረጃዎች ይጻፋል። በቴሌቪዥን ደንብ ጥቁር 16 ላይ፣ ነጭ 235 ላይ ነው። ብዙ ካሜራዎች ግን ከ235 አልፈው እስከ 255 ድረስ ይጽፋሉ። ስክሪኑ ከ235 በላይ ያለውን ሁሉ ነጭ ብሎ ስለሚያሳይ ትርፉ ለዓይን አይታይም፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ Gain የሚለውን ቀስ አድርጎ ወደ ታች መሳብ ነው። ከ100 በመቶ በላይ ተደብቆ የነበረ ቅርጽ ካለ ዌቭፎርሙ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ብቅ ይላል። ትርፉ በደንቡ ቀመር ሲሰላ ሩብ ስቶፕ ብቻ ነው፤ ካሜራው አናቱን ጎንበስ ካደረገ ግን ከዚያ የሚበልጥ ይገኛል። የደመናን ጫፍ ወይም ግንባር ላይ ያለ ወዝን ለማዳን ይበቃል። ለኛ ቀሚስ አይበቃም።

ሌላም ምልክት አለ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እኩል ጊዜ አይሞሉም። ወርቃማ ጥለት ፀሐይ ሲመታው ቀዩ አስቀድሞ ይሞላል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው ግን ገና ነው። ውጤቱ ወርቁ ወደ ሎሚ ቢጫ ይሄዳል። ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየው ፓሬድ ላይ ሲታይ አንዱ ወይም ሁለቱ አናታቸው ተቆርጦ ሦስተኛው ቅርጹን ይዞ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የሸማው ድር ከሰማያዊው ላይ ጥቂት ሊነበብ ይችላል፤ ቀለሙ ግን አይመለስም። ቦታውን ቀለም አልባ ወደ ሆነ ነጭ ማደብዘዝ ከቢጫው ይሻላል።

ሎግ ቀረጻው ላይ ደግሞ ተቃራኒ ነገር ይከሰታል። ቀሚሱ ፋይሉ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ የሚያጠፋው አቀናባሪው ራሱ ነው። ልማዱ ፋይሉን ከፍቶ ወዲያው ላት መለጠፍ ነው። ላት ሎጉን ወደ ቴሌቪዥን ቀለም የሚቀይር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ አሥር ስቶፑን ለስክሪን ጠባብ ቦታ ሲያጨቅ፣ አናት ላይ ያለውን ቀሚስ በመጨረሻዎቹ ጥቂት በመቶዎች ውስጥ ያጣብቀዋል፤ አንዳንዱ ላት ደግሞ ጨርሶ ይቆርጠዋል። ከላቱ በኋላ Gain ቢወርድ የሚወርደው የተጣበቀው ነው። «ሎግም ቢሆን ኦቨር ከሆነ ሆነ ነው» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠማቸው ይህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። ሪዞልቭ ውስጥ ሥራው ኖድ በሚባሉ ሳጥኖች ይደረደራል። ከሎግ ወደ ሬክ 709 የሚቀይረው ኖድ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ እርማቱ ከፊቱ ይምጣ። በላት ፋንታ Color Space Transform የሚለውን መጠቀም ይመረጣል። እሱ ላይ Input Gamma በሚለው ስር S-Log3ን፣ Output Gamma በሚለው ስር Gamma 2.4ን መምረጥና ካሜራው የቀረጸበትን የቀለም ስፋት በትክክል መንገር ነው።

ከዚያ ከፊቱ ባለው ኖድ ላይ ቀሚሱን ማውረድ ይቻላል። ሎግ ውስጥ እያንዳንዱ ስቶፕ ተቀራራቢ ቦታ ስላለው አንድ ስቶፕ ማውረድ ማለት ከሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መቀነስ ነው፤ ይህንን የሚያደርገው Offset የሚለው መንኮራኩር ነው። ሁሉንም ካወረድን ግን ፊቶቹም ይጨልማሉ። ስለዚህ ቀሚሱን በመስኮት ከበን፣ ጠርዙን በደንብ አለስልሰን፣ እሱን ብቻ ሁለት ስቶፕ ያህል እናወርዳለን። ጥለቱ ይወጣል፣ የድሩ እጥፋት ይታያል፣ ፊቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከሁለት ስቶፕ በላይ ማውረድ አልመክርም። ፀሐይ ላይ ያለ ነጭ ጨርቅ ከጥላው ነጭ ካልደመቀ የተቀጠለ ይመስላል፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል።

እንግዲህ ይህ ማዳን ሊባል ይችላል ወይ? እኔ አልለውም። ቀሚሱ ጠፍቶ አልተገኘም፤ ከመጀመሪያውም ፋይሉ ውስጥ ነበር። በሎግ ቀረጻም ቢሆን ቀሚሱ 94 በመቶ ላይ ደርሶ ዌቭፎርሙ ክር ከሆነ ነገሩ አብቅቷል።

የሱፉ ጉዳይ ይለያል። እዚያ ብርሃኑ አልሞላም፤ ያነሰው ብርሃኑን የሚገልጹ ቁጥሮች ብዛት ነው። በተራው ባለ 8 ቢት ቀረጻ ከመካከለኛው ግራጫ ቀጥሎ ወደ ላይ ያለው አንድ ስቶፕ 41 ያህል ደረጃ ይደርሰዋል። ከግራጫው ሦስት ስቶፕ ወርዶ እስከ አራት ያለው 11 ደረጃ ብቻ አለው፤ ከአራት እስከ አምስት ያለው ደግሞ አምስት ወይም ስድስት። የሱፉ እጥፋት፣ የኮሌታው ጠርዝና የኪሱ ስፌት በሙሉ በነዚህ አምስትና ስድስት ደረጃዎች መገለጽ አለባቸው ማለት ነው። ቦታውን ሁለት ስቶፕ ብናነሳ ደረጃዎቹ ይራራቃሉ እንጂ በመካከላቸው አዲስ አይወለድም። ለስላሳው የጨርቅ እጥፋት የደረጃ መወጣጫ ይመስላል። ሂስቶግራም ላይ ደግሞ ማበጠሪያ የመሰለ ክፍተት ይታያል።

በዚህ ላይ የፋይሉ መጨመቅ ይጨመራል። ካሜራው ፋይሉን ለማሳነስ ዓይን አያየውም ብሎ የሚገምተውን ይጥላል፤ ጨለማ ቦታ ያለን ዝርዝር ደግሞ አስቀድሞ ይጥላል። እዚህ ላይ ጠቃሚ መለያ አለ። የጠቆረውን ቦታ ለሙከራ ከፍ አድርጋችሁ ቪዲዮውን አጫውቱት። የሚታየው ከፍሬም ፍሬም የሚቀያየር ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ኖይዝ ነው። ከሥሩ እውነተኛ ምስል አለ፤ ፍሬሞችን እያነጻጸረ የሚያጸዳው የኖይዝ ማጽጃ ብዙ ይመልሳል። የሚታየው አራት ማዕዘን ጠጋጋ ከሆነና ጠጋጋው ለጥቂት ፍሬም ቆሞ በድንገት ከተለወጠ ግን ካሜራው ዝርዝሩን ጥሎታል። ዌቭፎርሙ ከታች በዜሮ ላይ ቀጥ ያለ ክር ከሆነ ደግሞ የጠጋጋውም ያህል የለም። በዚህ ጊዜ ሱፉን ጥቁር አድርጎ መተው ነው የሚሻለው። ጥቁር ጥላ ማንንም አያስከፋም፤ ግራጫ ጠጋጋ ግን ያስከፋል።

ሎግ እዚህ ቦታ ምን ያህል ይረዳል? መልሱ በቢቱ ላይ ነው። ባለ 10 ቢት ፋይል 1,024 ደረጃዎች አሉት። ኤስ-ሎግ 3 በ10 ቢት ሲጻፍ ከግራጫው በላይ እያንዳንዱ ስቶፕ 79 ያህል ደረጃ ያገኛል። ወደ ታች ሦስትና አራት ስቶፕ መካከል 48፣ አራትና አምስት መካከል 38 ያህል ይደርሰዋል። ተራው ቀረጻ አምስት ወይም ስድስት ደረጃ ለሰጠው ሱፍ 38 ደረጃ ተሰጠው ማለት ነው። ሁለት ስቶፕ ቢነሳም እጥፋቱ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ የሚቀረው ኖይዙን ማጽዳት ነው።

ያንኑ ሎግ በ8 ቢት ስንጽፈው ግን ሁሉም በአራት ይካፈላል። አንድ ድፎ ዳቦ ለእጥፍ እንግዳ እንደ መቁረስ ነው፤ እንግዳው ሁሉ ይገባል፣ የሚደርሰው ግን ቁራሽ ነው። ከግራጫው በላይ ያለው ስቶፕ 20 ደረጃ ብቻ ይደርሰዋል፤ ተራው ቀረጻ ለዚያው ቦታ 41 ሰጥቶት ነበር። ያ ቦታ ደግሞ የፊት ወዝ፣ የግድግዳና የሰማይ ቦታ ነው። ከግራጫው ሦስትና አራት ስቶፕ በታች ያለው 12 ያህል ያገኛል፤ ከተራው 11 ጋር እኩል ነው ቢባል ይቀላል። በጥቅሉ ባለ 8 ቢት ሎግ ቀሚሱን ያስገባል፣ ለሱፉ ብዙም አይጨምርም፣ ፊቱን ደግሞ ያሳሳዋል። ሎጉ ተዘርግቶ ወደ መደበኛ መልኩ ሲመለስ ሰማዩ ላይና ባዶ ግድግዳ ላይ ቀለበት ቀለበት የሚሠራ ሽንትር የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ቀሚሱ ላይ ብዙም አይታይም፤ የሸማው ድር ራሱ ሽንትሩን ይደብቀዋል።

ታሪኩን ላየው ይህ የሚገርም አይደለም። የሎግ አጻጻፍ ወደ ዲጂታል የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮዳክ ሲኒየን በተባለው ሥርዓቱ የፊልም ኔጋቲቭን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ነው፤ ያም ገና ሲወለድ ባለ 10 ቢት ነበር። በ8 ቢት ውስጥ ያጨቁት በኋላ የመጡት አነስተኛ ካሜራዎች ናቸው። የሶኒው ኤ7ኤስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሎግ ይዞ ሲመጣ ብዙ የሰርግ ቀራጮችን አስደስቷል፤ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ግን 8 ቢት ነበር። የዚያው መስመር ካሜራ በውስጡ 10 ቢት መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ከኤ7ኤስ III ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ ሳይቀር ሎግን በ10 ቢት ይጽፋል።

ስለ አቀራረጹም አንድ ነገር ልጨምር። የሎግ ቀራጮች ኖይዙን ለመሸሽ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ኦቨር አድርገው መቅረጽን ለምደዋል። ጥላ ለበዛበት አዳራሽ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለበረንዳው ትዕይንት ግን ጥፋት ነው። ቀሚሱ 5.3 ላይ ነው፣ ጣሪያው ስድስት ላይ ነው፤ የቀረው ከአንድ ስቶፕ በታች ነው። አንድ ስቶፕ የጨመረ ሰው ቀሚሱን አቃጠለው። ካሜራው ላይ ዜብራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ 94+ ላይ አድርጎ፣ ሽንትሩ ቀሚሱ ላይ ሲወጣ እስኪጠፋ ድረስ ብርሃኑን መቀነስ ነው። በተራው አቀራረጽ ዜብራው 100+ ላይ ይሁን።

ካሜራችሁ 8 ቢት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ በሰርግ ቀን ሎጉን ተዉት። አናቱን ጎንበስ የሚያደርግ መደበኛ ፕሮፋይል ምረጡ፣ ለቀሚሱ አስተካክሉ፣ ፊቶቹ ጥቂት ይጨልሙ፤ ስቶፕ ያህል የጨለመ ፊት በተራው 8 ቢት ውስጥ ያለ ብዙ ችግር ይነሳል። ሙሽሮቹን ሁለት እርምጃ ወደ ጥላው ማስገባት ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀሚሱ ከ5.3 ወደ 2.3 ይወርዳልና ተራው ካሜራም ይይዘዋል።

10 ቢት ያለው ካሜራ ካላችሁ ሎግ ተጠቀሙ። ግን ከቀረጻው በፊት ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የፋይሉ ዓይነት 10bit የሚል መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ ካሜራዎች 10 ቢት መጻፍ እየቻሉ ከፋብሪካ ሲወጡ 8 ቢት ላይ ተቀምጠው ነው፤ ሎግ ሲከፈትም አይለውጡትም።